ዕቃው ከመጫኑ በፊት ወረቀቱ ይታይ

ደረቅ ወደብ ላይ ለሳምንታት የሚቆም ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ እንከን የለውም። ማሽኑ የታዘዘው ነው፣ ቁጥሩ አልጎደለም፣ ገንዘቡም ተከፍሏል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ኢንቮይሱ የሚለውን ፓኪንግ ሊስቱ አይደግመውም፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬቱ ገና ቻይና ነው፣ ወይም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ማንም ያላሰበው ካርቶን ተጨምሮ ተገኝቷል። አስመጪው በዋትሳፕ ይለምናል፤ ላኪው ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሯል። የመጋዘን ኪራዩና የኮንቴይነር ማቆያው በየቀኑ ይደመራል።

ሥራውን የሚያውቁ አስመጪዎች ከዚህ የሚድኑት ላኪውን ወረቀት ሁለት ጊዜ በመጠየቅ ነው። መጀመሪያ ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ የትኞቹ ሰነዶች፣ በማን ወጥተው፣ ምን ተጽፎባቸው እንደሚመጡ ያስጽፋሉ። ቀጥሎ ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት የሁሉንም ረቂቅ ተቀብለው እርስ በርስ ያመሳክራሉ። ዕቃው ባሕር ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠየቅ ማስተካከያ ገንዘብም ጊዜም ያስወጣል፤ ላኪውም የሚቸኩልበት ምክንያት አይኖረውም።

ወረቀቱን ማን ያወጣዋል?

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ የንግድ ዕቃ ለጉምሩክ ሲቀርብ ከዲክላራሲዮኑ ጋር የሚያያዙት ዋና ሰነዶች ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የማጓጓዣ ሰነድ፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬትና የባንክ ፈቃድ ናቸው። የባንክ ፈቃዱን አስመጪው ራሱ እዚሁ ያወጣል፤ ኢንሹራንሱንም የሚገዛው ከአገር ውስጥ ኩባንያ ነው። የቀሩት ከላኪው በኩል ይመጣሉ። ይሁን እንጂ ላኪው ሁሉንም እንደፈለገ መጻፍ አይችልም፤ ነገሩን በቅጡ ለመጠየቅ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል።

ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ላኪው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ በራሱ ማኅተም ያወጣቸዋል። ስለዚህ ለማስተካከል አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቢል ኦፍ ሎዲንግ የመርከብ ድርጅቱ ሰነድ ነው። ላኪው የካርቶን ቁጥርና ክብደት ይሰጣል፣ መርከብ ድርጅቱ ወይም ወኪሉ ረቂቅ ያወጣል፣ መርከቡ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ግን ክፍያ አለው። የስሪት አገር ሰርተፍኬት ደግሞ በሦስተኛ ወገን ይረጋገጣል። በቻይና ይህን የሚሠሩት የአገሪቱ ዓለም አቀፍ ንግድ ማስፋፊያ ምክር ቤት፣ በአጭር ስሙ ሲሲፒአይቲ፣ እና የቻይና ጉምሩክ ናቸው። ላኪው ያመለክታል፤ እነሱ አይተው ይፈርማሉ።

ጉምሩክ እነዚህን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያያቸውም ለዚህ ነው። ላኪው ብቻውን የጻፈው ነገር እውነት መሆኑ የሚመዘነው ሌላው ወገን ከጻፈው ጋር ሲገጥም ነው።

ሁለት ካርቶን ከየት መጣ?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጋርመንት ሱቆች የምታቀርብ አንዲት አስመጪ፣ ከቻይና ዠጂያንግ ግዛት 160 የኢንዱስትሪ የልብስ ስፌት ማሽን አዘዘች እንበል። ዠጂያንግ ውስጥ ያለችው ታይዡ ከተማ የስፌት ማሽን ፋብሪካዎች የበዙባት ናት። ክፍያው በኤል ሲ ነው፤ ዕቃው በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ይገባል።

ላኪው በመጀመሪያ የላከላት ፓኪንግ ሊስት አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «የስፌት ማሽን፣ 160 ሴት፣ ጠቅላላ ክብደት 9,920 ኪሎ።» ይህ ፓኪንግ ሊስት ሊባል አይችልም። አንድ የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን በአንድ ካርቶን አይመጣም፤ ራሱ ማሽኑ ለብቻው፣ ጠረጴዛው ለብቻው፣ የብረት እግሩም ለብቻው ይታሸጋል። ሞጆ ላይ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ቢቆጠር ፈታሹ የሚያገኘው 160 ሳይሆን የዚያን እጥፍ ካርቶን ነው። ወረቀቱ ይህን ካላስረዳው ትርፉን ያልተነገረ ዕቃ አድርጎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ስለዚህ አስመጪዋ ዝርዝሩን በካርቶን ቁጥር እንዲከፍለው ጠየቀችው። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆኖ መጣ፦

ከካርቶን 1 እስከ 160 የማሽን ራስ፣ በየካርቶኑ አንድ፤ የተጣራ ክብደት 30 ኪሎ፣ ከነማሸጊያው 34 ኪሎ።

ከካርቶን 161 እስከ 240 ጠረጴዛ፣ በየካርቶኑ ሁለት፤ የተጣራ 24 ኪሎ፣ ከነማሸጊያው 26 ኪሎ።

ከካርቶን 241 እስከ 320 የብረት እግር፣ በየካርቶኑ ሁለት፤ የተጣራ 28 ኪሎ፣ ከነማሸጊያው 30 ኪሎ።

አሁን ሊባዛና ሊደመር ይችላል። ራሶቹ 5,440 ኪሎ፣ ጠረጴዛዎቹ 2,080 ኪሎ፣ እግሮቹ 2,400 ኪሎ ይመዝናሉ፤ በድምሩ 9,920 ኪሎ፣ በ320 ካርቶን። የተጣራው ክብደት 8,960 ኪሎ ይሆናል። ጠረጴዛውም እግሩም ሁለት ሁለት ሆነው በ80 ካርቶን ሲባዙ 160 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን የተሟላ ነው። ዝርዝሩ በራሱ ውስጥ ይገጥማል።

ከዚያ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ረቂቅ መጣ። እዚያ ላይ የተጻፈው 322 ካርቶንና 9,956 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ሁለት ካርቶን፣ 36 ኪሎ። ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አስመጪዋ ግን ጠየቀች። መልሱ ደስ የሚል ዓይነት ነበር፦ ፋብሪካው ለመልካም ደንበኛ ብሎ ሁለት ካርቶን መርፌና ቦቢን በነፃ ጨምሯል፤ ዋጋ ስለሌለው ኢንቮይስ ላይ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለጉምሩክ ነፃ ስጦታ የሚባል ያልተጻፈ ዕቃ የለም። ገንዘብ ባይከፈልበትም ዕቃው ዋጋ አለው፤ በዲክላራሲዮን መነገርና ቀረጥ መታሰብ አለበት። መርፌ ደግሞ ከማሽኑ የተለየ የታሪፍ ቁጥር አለው። ስለዚህ «ኢንቮይሱ ላይ በነፃ ብለህ ጻፈው» ማለት መፍትሔ ይመስላል። ክፍያው በኤል ሲ ሲሆን ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ባንኮች ሰነድ ሲመረምሩ የሚከተሉት ዓለም አቀፍ አሠራር፣ በኤል ሲው ላይ ያልተጠቀሰ ዕቃ በኢንቮይሱ ላይ እንዳይሰፍር ይከለክላል፤ «በነፃ» ተብሎ ቢጻፍም እንኳ። ስለዚህ ስጦታው ቢጻፍ ባንኩ ዘንድ ዲስክሬፓንሲ ይሆናል፤ ባይጻፍ ጉምሩክ ዘንድ ያልተነገረ ዕቃ ይሆናል።

የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤል ሲው ላይ ማሻሻያ ከፍሎ ማስደረግ፣ ሌላው ስጦታውን ማስቀረት። ኮንቴይነሩ ገና ስላልታሸገ አስመጪዋ ሁለቱ ካርቶኖች እንዲወጡ ጠየቀች፤ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ረቂቅም ወደ 320 ካርቶንና 9,920 ኪሎ ተስተካከለ። ይኸው ልዩነት የታየው መርከቡ ከተነሣ በኋላ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱን ችግር መሸከም ግዴታ ይሆንባት ነበር።

ስሪት ማለት የተሠራበት ነው

የስሪት አገር ሰርተፍኬት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ዕቃ የት ተመረተ? ከየት ተጫነ ወይም ማን ሸጠው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ከዱባይ ነጋዴ የተገዛ፣ ከጀበል አሊ ወደብ የተጫነ የቻይና ማሽን ስሪቱ ቻይና ነው። ሰርተፍኬቱን የዱባይ ንግድ ምክር ቤት ሊያወጣው ይችላል፤ የስሪት አገሩ ሣጥን ላይ ግን ቻይና መባል አለበት። ካርቶኑ ላይ በቻይና መሠራቱ ታትሞ ሰርተፍኬቱ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚል ከሆነ ፈታሹ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሰርተፍኬቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ተራው ነው፤ የስሪት አገሩን ከማረጋገጥ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ከቻይና የሚመጣው የስፌት ማሽን የሚያስፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የታሪፍ ቅናሽ የሚያስገኝ ነው። ለምሳሌ ከኮሜሳ አባል አገር የተመረተ ዕቃ ሲመጣ፣ ቅናሹን ለማግኘት የኮሜሳ የራሱ ቅጽ ያስፈልጋል፤ የሚያወጣውም የላኪው አገር ለዚህ የሰየመው መሥሪያ ቤት ነው። ላኪው በስህተት ተራውን ሰርተፍኬት ቢልክ ዕቃው ይገባል፣ ቅናሹ ግን ይቀራል። ስለዚህ ለላኪው «ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጅን ላክልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይነገረዋል።

በቻይናው ቅጽ ላይ አሥራ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ረቂቁ ሲመጣ ጊዜ ሰጥቶ መታየት ያለባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ተቀባዩ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉ፣ የጥቅሉ ብዛት ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር መግጠሙ፣ የኢንቮይሱ ቁጥርና ቀን መጨረሻ ላይ ከወጣው ኢንቮይስ መወሰዱ ይታያል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ላኪው ኢንቮይሱን አስተካክሎ በአዲስ ቀን ሲያወጣ፣ ሰርተፍኬቱ ግን በአሮጌው ቀን ተጠይቆ ይገኛል።

የታሪፍ ቁጥሩም ይታያል። ኤች ኤስ ኮድ እስከ ስድስት አሃዝ ድረስ በዓለም አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይቀጥላል። የቻይናውና የኢትዮጵያው ረጅም ቁጥር ስላልተመሳሰለ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ስድስቱ አሃዝ ግን መግጠም አለበት። የቤት ውስጥ ስፌት ማሽን 8452.10 ነው። የኢንዱስትሪው አውቶማቲክ ከሆነ 8452.21፣ ካልሆነ 8452.29 ይሆናል። ላኪው ለምዶት የቤት ውስጡን ቁጥር ቢጽፍ፣ ሰርተፍኬቱ የሚያረጋግጠው ሌላ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ኤል ሲው ላይ ያልተጻፈ አይጠየቅም

በኤል ሲ ሲከፈል ባንኩ የሚመረምረው ወረቀት ነው፤ ዕቃውን አያይም። ላኪው ሊያቀርብ የሚገደደውም ኤል ሲው ላይ የተዘረዘረውን ያህል ነው። ኤል ሲው «የስሪት አገር ሰርተፍኬት» ብሎ ማን እንደሚያወጣው ሳይጠቅስ ካለፈ፣ በዚያው ዓለም አቀፍ አሠራር መሠረት ማንም ያወጣው ይበቃል። ላኪው ራሱ በደብዳቤ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ፈርሞ ቢያቀርበው ባንኩ ተቀብሎ ይከፍላል። ሰነዱ አዲስ አበባ ደርሶ ጉምሩክ የንግድ ምክር ቤት ማኅተም ሲጠይቅ ገንዘቡ ሄዷል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲሞላ «በሲሲፒአይቲ ወይም በቻይና ጉምሩክ የተሰጠ» የምትለው አጭር ሐረግ መግባት አለባት። ፓኪንግ ሊስቱም ቢሆን «በካርቶን ቁጥር የተከፈለ፣ የእያንዳንዱን የተጣራና ጠቅላላ ክብደት የሚያሳይ» ተብሎ ይጻፋል።

ጊዜውም እንዲሁ ይታሰባል። ኤል ሲው የተለየ ነገር ካላለ፣ ላኪው ዕቃውን ከጫነበት ቀን ጀምሮ ሰነዶቹን ለባንክ ለማቅረብ 21 ቀን አለው። ከዚያ የባንኩ ምርመራና የኩሪየሩ ጉዞ ይጨመራል። ላኪው እስከ መጨረሻው ቀን ከቆየ ዕቃው ከወረቀቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚፈራ አስመጪ ቀኑን አሳጥሮ 10 ወይም 14 ቀን ያስጽፋል፤ ላኪውም የሰነዶቹን ስካን ኮፒ መርከቡ በተነሣ በጥቂት ቀን ውስጥ በኢሜይል እንዲልክ ያስማማል። በኮፒው የጉምሩክ አስተላላፊው ሥራውን ቀድሞ ማዘጋጀት ይችላል።

በቀጥታ የባንክ ዝውውር ለሚከፍል ሰው ደግሞ የሚይዘው ነገር ቀሪው ክፍያ ነው። ቅድሚያ 30 በመቶ፣ የቀረው 70 በመቶ ተብሎ ከተስማሙ፣ ቀሪው የሚከፈለው የተስማሙባቸው ሰነዶች ኮፒ ከታየ በኋላ መሆኑ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፋል። ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ከልመና በቀር መያዣ የለውም።

ለላኪው ምን ይጻፍለት?

ላኪዎች የሚሰለቹት «ዶክመንት ላክ» የሚል ደረቅ መልእክት ነው፤ ምን እንደሚፈለግ አይነግራቸውም። ጥሩ ጥያቄ አጭር ሆኖ የተቆጠረ ነው። መልእክቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፦

«በፕሮፎርማው መሠረት የሚጫነው ኮንቴይነር ከመታሸጉ በፊት የሚከተሉትን በረቂቅ ይላኩልን፦ አንደኛ ኢንቮይስ፤ ሁለተኛ ፓኪንግ ሊስት፣ በካርቶን ቁጥር ተከፍሎ፣ የእያንዳንዱ ክብደትና መጠን ተጽፎበት፤ ሦስተኛ የስሪት አገር ሰርተፍኬት ማመልከቻ፤ አራተኛ የቢል ኦፍ ሎዲንግ ረቂቅ። የድርጅታችን ስምና አድራሻ ከዚህ መልእክት ጋር እንደተያያዘው ይሁን፤ አይጠር፣ አይተርጎም። ናሙናም ሆነ መለዋወጫ ያለ እኛ የጽሑፍ ስምምነት ኮንቴይነሩ ውስጥ አይግባ። እኛ በኢሜይል ሳናጸድቅ ዋናው አይውጣ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከሁሉ ይበልጣሉ። ከስጦታው ካርቶን የሚያድነው አንዱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ኋላ ስህተት ቢገኝ የማስተካከያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ለመነጋገር መነሻ ይሆናል።

አንዳንድ ላኪ ለዚህ መልእክት ሲመልስ «ኢንቮይሱን በስንት ልጻፍልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ውለታ የሚያደርግ ይመስለዋል። መልሱ አንድ ነው፦ የተከፈለውን። ጉምሩክ ለቀረጥ መነሻ የሚያደርገው በእውነት የተከፈለውን ዋጋ ነው፤ ዝቅ ብሎ ከተጠረጠረ ግን ኢንቮይሱን ትቶ ከተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ ተነሥቶ ያሰላል። ከዚህም ሌላ ባንክ ዘንድ ያለው ፈቃድና የተላለፈው ገንዘብ ሌላ ቁጥር ይናገራል። በተዛባ ዋጋ የተጻፈ ኢንቮይስ ሌሎቹን ትክክለኛ ሰነዶች ሁሉ አብሮ ያስጠረጥራል።

መርከቡ ከተነሣ በኋላ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስህተት ሊያመልጥ ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስህተቱ በማን ሰነድ ላይ ነው የሚለው ነው። ፓኪንግ ሊስት ከሆነ ላኪው በዚያው ቀን አርሞ ሊልክ ይችላል፤ ነገር ግን በኤል ሲ የሚሄድ ከሆነ ባንክ ከመቅረቡ በፊት መሆን አለበት። ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከሆነ ዕቃው ጅቡቲ ሳይደርስ ላኪው ለመርከብ ድርጅቱ ያመለክታል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ለውጡ ይበልጥ ይከብዳል።

የስሪት አገር ሰርተፍኬት ከሆነ ላኪው የተሳሳተውን መልሶ በምትኩ ሌላ ያስወጣል። ጨርሶ ያልወጣ ከሆነም ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ዘግይቶ መውጣቱን የሚገልጽ ማኅተም ይመታበታል። ያንን ማኅተም ያየ አስመጪ ሐሰተኛ ነው ብሎ መደንገጥ የለበትም። ሐሰተኛነት የሚያሳስበው ሰው የሰርተፍኬቱን ቁጥር ይዞ በአውጪው ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይችላል፤ ሲሲፒአይቲም የቻይና ጉምሩክም የማረጋገጫ ገጽ አላቸው።

አንድ የሚያደናግር ነገርም አለ። በኤል ሲ በሚመጣ ዕቃ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ተቀባይ ሆኖ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ባንኩ ነው፤ አስመጪው የሚጠቀሰው ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ወገን ተብሎ ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ባንኩ ለከፈለው ገንዘብ የሚይዘው ዋስትና ነው። አስመጪው ከባንኩ ጋር ሂሳቡን ሲጨርስ ባንኩ ከጀርባው ፈርሞ ያስተላልፍለታል። ላኪውን «ስሜን አስገባ» ብሎ ማስቀየር ግን ሰነዱን ከኤል ሲው ጋር ያጋጨዋል።

ዕቃው ሞጆ ሲደርስ ሲስተሙ ከአደጋ ደረጃው ተነሥቶ መንገድ ይመርጥለታል። አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ይከፈታል። የስፌት ማሽኗ አስመጪ ቀይ ቢደርሳትም ፈታሹ ዝርዝሩን ይዞ ካርቶን 161ን ሲከፍት ሁለት ጠረጴዛ፣ 241ን ሲከፍት ሁለት የብረት እግር ማግኘት አለበት። ካርቶኖቹ ላይ ቁጥሩ በጉልህ ከተጻፈና ዝርዝሩ ከገጠመ፣ ጥቂት ካርቶን ከፍቶ አይቶ የሚጨርስበት ዕድል ሰፊ ነው። ካልገጠመ ግን ኮንቴይነሩ በሙሉ ይወርዳል፤ የአውራጁ፣ የመልሶ ጫኙና የቀኑ ሂሳብ በአስመጪዋ ላይ ይሆናል።

ዕቃው ከወጣ በኋላም ፋይሉ አይጣልም። ጉምሩክ ዕቃ ከተለቀቀ በኋላ የአስመጪዎችን ሰነድ መልሶ ይመረምራል። ያን ጊዜ ከዋናዎቹ ሰነዶች ጋር ከላኪው ጋር የተለዋወጡት ረቂቅና ኢሜይል አብሮ ቢገኝ ይረዳል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ያሉት ሁለት ካርቶኖች ለምን ከመጨረሻው እንደጠፉ የሚያስረዳው ያ የጽሑፍ ልውውጥ ነው።